ቀሪው 241.90 ሊሰረዝ ነው፤ ለደንበኛዋ ምን ብዬ ልጻፍ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ አነስተኛ ጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ተሰብሳቢ ሂሳብ ላይ ነው። በአንዲት ደንበኛችን ስም 241.90 ቀሪ ሂሳብ ተንጠልጥሎ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ሦስት የማስታወሻ ደብዳቤ ልከንላቸዋል፣ እኔም አራት ጊዜ ደውዬላቸዋለሁ። የተነሳልኝ አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔም ሥራውን እንዳቆሙና የሚከፍሉት እንደሌላቸው ነግረውኝ ዘጉት። ጠበቃ ይዞ መካሰስ ከገንዘቡ በላይ ያስወጣል። ሥራ አስኪያጃችን ሰርዤው ሂሳባቸው መዘጋቱን በጽሑፍ እንዳሳውቃቸው አዘዙኝ። እኔም እንዲህ ብዬ ረቂቅ ጻፍኩ፦

«ቀሪ ሂሳብዎ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ ስለተጠናቀቀ ሂሳብዎ የተዘጋ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።»

እንዲህ የጻፍኩት ሴትየዋ እንዳያፍሩ ብዬ ነው። ግን ልልከው ስል እጄ ያዘኝ። ምን ይጎድለዋል? እናንተ ምን ብላችሁ ነው የምትጽፉት?

(ማሳሰቢያ፦ መልሶቹ በዝተው መሃል ላይም ሌላ ወሬ ስለገባ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመች እያንዳንዱን በተራ ቁጥሩ በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የራሴንም መልሶች ጨምሬ ነው።)

መልስ 1
የመጀመሪያው መላሽ ለደንበኛዋ መጻፋችንን ወደደው። እሱ ያለበት ቦታ ትናንሽ ቀሪዎች ዓመት መዝጊያ ላይ በአንድ ጊዜ ይሰረዛሉ፣ ለደንበኛው የሚነግረው ግን የለም። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ደንበኛ ዕቃ ፈልጎ ሲመጣ፣ አዲስ የገባው ሠራተኛ የድሮውን ካርድ ከፍቶ ዕዳ አለብህ ይለዋል። ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ስለሌለ ጭቅጭቁ እስከ ሥራ አስኪያጁ ይደርሳል። ስለ ረቂቄ ግን አንድም ቃል አልተናገረም።

መልስ 2
ሁለተኛው ሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ ቆፍጠን ብሎ ነው የጻፈው። የማይሰበሰብ ዕዳ ወጪን ዴቢት፣ ተሰብሳቢ ሂሳብን ክሬዲት ማድረግ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም ባይ ነው። ከመዝገብ የወጣ ዕዳ የሞተ ዕዳ ስለሆነም ደብዳቤው ላይ ተጠናቋል ማለቴ ምንም ችግር እንደሌለው አከለበት። በልበ ሙሉነት ስለጻፈው እኔም አመንኩትና ረቂቁን ልልክ ተነስቼ ነበር።

መልስ 3
ደግነቱ ከመላኬ በፊት አንድ አባት ደረሱልኝ። ረጅም ዘመን በኦዲተርነት የሠሩ ናቸው፤ እህቴ ብለው ነው የጀመሩት። ሁለተኛው መላሽ በግማሹ ልክ እንደሆነ በጨዋ ቋንቋ ነገሩት። ድርጅቱ ለአጠራጣሪ ዕዳዎች አስቀድሞ መጠባበቂያ የያዘ ከሆነ፣ ወጪው የተመዘገበው መጠባበቂያው በተያዘበት ጊዜ ነው። አሁን ዴቢት የሚደረገውም መጠባበቂያው ነው። እንደገና ወጪ ከተባለ አንድ ኪሳራ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። መጠባበቂያ የሌለው ትንሽ ድርጅት ግን በቀጥታ ወጪ ቢያደርገው፣ ገንዘቡ ጥቂት እስከሆነ ድረስ የሚከፋ ነገር እንደሌለው አመኑለት።

የተቆጡት ደብዳቤዬ ላይ ነው። ተሰረዘ፣ ተማረ እና ተከፈለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዱኝ። መሰረዝ የእኛ የመዝገብ ሥራ ነው። ይሰበሰባል ብለን ስለማንጠብቅ ከሀብታችን ላይ እናወርደዋለን እንጂ፣ በዚህ ብቻ የሰውየው ግዴታ አይቀርም። መማር ለደንበኛው የሚሰጥ ቃል ነው፤ ከእንግዲህ አልጠይቅህም ማለት ነው። መከፈል ደግሞ ገንዘብ ገብቷል ማለት ነው። እኔ ያልተከፈለውን ተከፍሏል ብዬ መጻፌ ነው። አንድ ኦዲተር በአንድ እጁ የስረዛውን ሰነድ፣ በሌላው የኔን ደብዳቤ ቢይዝ የሚጠይቀው አንድ ነገር እንደሆነ ነገሩኝ፦ ገንዘቡ ከተከፈለ የት ገባ፣ ማንስ ተቀበለው? ለሴትየዋ ክብር ብዬ የጻፍኩት ቃል እኔኑ በሌብነት የሚያስጠረጥር ሆኖ ተገኘ። ይህን ሳነብ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

መልስ 4
አራተኛው በሁላችንም ተናደደ። ለ241.90 ይህን ያህል መጻፍ የጤና አይደለም፣ የኦዲተሮች ሥራ ዝንብን በመድፍ መምታት ነው አለ። እሱ ቢሆን በአንድ ደቂቃ ሰርዞ ወደ ምሳው ይሄድ ነበር።

መልስ 5
አምስተኛዋ አጭር ጥያቄ ነው የጠየቀችው። 241.90 የአንድ ደረሰኝ ቀሪ ነው ወይስ የተጠራቀመ? ከምን ከምን እንደመጣ ሳይታወቅ ምንም ነገር አትሰርዢ ብላ ሄደች።

መልስ 6 (የኔ)
ካርዱን ከፍቼ ዘረዘርኩላቸው። ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው 9,320.00 የነበረ የሽያጭ ደረሰኝ ነው፤ የገባው 9,133.60 ስለሆነ 186.40 ቀርቷል። ሁለተኛው በመጨረሻው ጭነት ላይ ለብቻው የተቆረጠ 55.50 የማጓጓዣ ሂሳብ ነው፤ ጭራሽ አልተከፈለም። ሁለቱን ስደምራቸው እንጂ ለየብቻ አይቻቸው እንደማላውቅ ያስተዋልኩት ይህን ስጽፍ ነው።

መልስ 7
የዚህ ክር ዋና ነገር የተገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰባተኛው መላሽ 186.40ን ለ9,320 አካፍሎ ድፍን 2 ከመቶ እንደሆነ አሳየኝ። መክፈል ያቃተው ሰው ቀሪው እንዲህ ልክክ ብሎ አይመጣም፣ ያለውን ይሰጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም ዙር ቁጥር ነው አለ። ቀሪው ድፍን መቶኛ ከሆነ ግን ከፋዩ ሆን ብሎ አስልቶ የቀነሰው ነው። ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ ቶሎ ለከፈለ የሚሰጥ ቅናሽ፣ ወይ ደንበኛው ከክፍያው ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር። ግብር ከሆነ ደንበኛው የያዘበትን ሰነድ ይሰጣል፤ ያ ሰነድ ለእኛ ገንዘብ ነውና ዕዳ ብለን ከሰረዝነው የራሳችንን መብት ጣልን ማለት ነው። የሚያዝ ግብር ብዙ ጊዜ የሚሰላው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይጨመር ባለው ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ በጠቅላላው አካፍዬ ድፍን ካልመጣ ከታክስ በፊት ባለውም እንድሞክር መከረኝ። እዚህ ግን በጠቅላላው ድፍን ስለመጣ እሱ ቅናሽ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ሂጂና የትዕዛዙን ፎርም ፈልጊ አለኝ።

መልስ 8
አንድ ወንድም ርዕሱን አይቶ የባንክ ሂሳብ መስሎት ገባ። ባንኩ ሳያስታውቀው ሂሳቡን ዘግቶበት ውስጡ የነበረው ጥቂት ገንዘብ በአገልግሎት ክፍያ አልቋል። እንዴት እንደሚያስከፍተው ነው የሚጠይቀው። ልቡ አዝኖ ነው የጻፈው።

መልስ 9
ዘጠነኛዋ በትሕትና መለሰችለት። እዚህ የሚወራው ነጋዴ ለደንበኛው ስለሚይዘው ካርድ እንደሆነ ነግራ፣ ባንኩን የመዝጊያ ቀኑንና እስከዚያ የተቆረጡትን ክፍያዎች የሚያሳይ መግለጫ በጽሑፍ እንዲጠይቅ መከረችው።

መልስ 10
አስረኛው ከራሱ ገጠመኝ አንድ ነገር አከለ። እነሱ ዘንድ ከሩቅ በባንክ የሚያስተላልፍ ደንበኛ ነበራቸው። ደረሰኙ ትልቅም ይሁን ትንሽ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጎድለዋል። ዓመቱን ሙሉ ይህን ሰው ጎደሎ ከፋይ እያሉ ሲሰርዙ ከረሙ። ለካስ የላኪው ባንክ የማስተላለፊያ ክፍያውን ከመሃል ይቆርጥ ነበር። እና ጉድለቱ ከደረሰኙ ጋር እያደገ ከመጣ ቅናሽ ወይም ግብር፣ ምንም ቢሆን ከማይለወጥ ደግሞ የባንክ ክፍያ ነው ብለሽ ጠርጥሪ አለኝ። የሰውየው ነገር ማንም ባንኩን ስላልጠየቀ ብቻ አንድ ዓመት ጎተተ።

መልስ 11 (የኔ)
የትዕዛዙን ፎርም አገኘሁት። ከፎርሙ ግርጌ፣ ከፊርማው ጎን፣ የሽያጭ ሠራተኛችን በእስክሪብቶ በ10 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 2 ከመቶ ቅናሽ ብሎ ጽፎበታል። ሴትየዋ የከፈሉት በ9ኛው ቀን ነው። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ገባ እንጂ ቅናሹን ሲስተሙ ላይ ያስገባ የለም።

186.40 ዕዳ ሆኖ አያውቅም ማለት ነው። ለማይገባን ገንዘብ ሦስት ማስታወሻ ልከናል፤ ሁለቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያች አንድ የስልክ ንግግራችን ላይ አሁን ትዝ የሚለኝ፣ ሴትየዋ መጀመሪያ ላይ የተስማማነውን ከፍያለሁ ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ሁሉም የሚለው ነው ብዬ አለፍኩት። መክፈል አልችልም ያሉት እኔ አሁንም አሁንም ስጨቀጭቃቸው ነው። ይህን እዚህ የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው። ደንበኛ ተስማምተናል ሲላችሁ ስልኩን ይዛችሁ ፋይሉን አውጡ።

መልስ 12
ሁለተኛው መላሽ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ለስለስ ብሏል። ቢሆንም 186.40ውን እና 55.50ውን ለምን በአንድ ላይ እንደማልሰርዛቸው ጠየቀ። ትርፍና ኪሳራው ላይ ያው 241.90 አይደለም ወይ ባይ ነው።

መልስ 13
ኦዲተሩ መለሱለት። ትርፉ ላይ ልዩነት ላይኖር ይችላል፤ የሚናገረው ታሪክ ግን ሌላ ነው። 186.40ው ከሽያጭ የሚቀነስ ቅናሽ ስለሆነ በክሬዲት ኖት ነው የሚወርደው፤ የሽያጭ ቅናሽ ዴቢት፣ የደንበኛዋ ካርድ ክሬዲት። ታክስ የተጨመረበት ደረሰኝ ከሆነም በክሬዲት ኖቱ ላይ ታክሱ አብሮ የሚስተካከልበት አሠራር ብዙ ቦታ አለ። ለማይሰበሰብ ዕዳ ግን የግብር ሕጎች የተለየ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣሉ፤ በየአገሩ ስለሚለያይም የራሳችንን ማየት አለብን። ሁለቱን ከቀላቀልናቸው የማናሟላውን አሟላን ብለን እንደማቅረብ ነው።

እሳቸውን ይበልጥ የከነከናቸው ግን ሴትየዋ ናቸው። በእሳቸው ካርድ ላይ 241.90 የማይሰበሰብ ዕዳ ተብሎ ከተጻፈ፣ ውላቸውን ጠብቀው በ9ኛው ቀን የከፈሉ ሰው በእኛ መዝገብ መጥፎ ከፋይ ሆነው ይኖራሉ። የሽያጭ ክፍሉም በእስክሪብቶ የጻፈው ቅናሽ ሲስተም ላይ እንዳልደረሰ ሳያውቅ ለሌላውም እንደዚያው እያደረገ ይቀጥላል። ስለዚህ ስረዛው ለ55.50 ብቻ ይሁን አሉ። እኔም በዚህ ተስማማሁ፤ መጠባበቂያ ስላለንም ከዚያ ላይ ነው የሚወርደው።

መልስ 14
ቀጣይዋ የጻፈችው ረዘም ይላል። ቀድሞ የሠራችበት ቦታ ከደንበኛ ገንዘብ የሚሰበስብ ሠራተኛ ነበር፤ በእጁ የተሰጠውን ትናንሽ ክፍያ ለራሱ ያደርገዋል። ከዚያ በዚያው ደንበኛ ካርድ ላይ ቀሪው አይሰበሰብም ብሎ የስረዛ ጥያቄ ያቀርባል። ሥራ አስኪያጁ ሳያጸድቅ መሰረዝ የሚቻልበት ጣሪያ ስለነበረ፣ ሁልጊዜ ከጣሪያው ጥቂት ዝቅ ያለ ቁጥር ነው የሚያመጣው። ደንበኛው ከፍሏል፣ አይጠየቅም፣ አይጮህም። ድርጅቱ ሰርዟል፣ አይጠይቅም። ሁሉም ጸጥ ብሎ ለብዙ ጊዜ ሄደ።

የተያዘው አንድ አዲስ የሂሳብ ኃላፊ ዕዳቸው ለተሰረዘላቸው ደንበኞች ሁሉ ደብዳቤ ላኩ ባለ ጊዜ ነው። አንድ ደንበኛ ደብዳቤው ሲደርሰው ተናዶ መጣ። እኔ ዕዳ የሚማርልኝ ሰው አይደለሁም፣ ከፍያለሁ ብሎ ደረሰኙን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። እሷ የምትለው፣ ሂሳቡ መዘጋቱን ለደንበኛው መንገር የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ስረዛው እውነት መሆኑን የሚመሰክር ከድርጅቱ ውጭ ያለ ብቸኛ ሰው ደንበኛው ስለሆነ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው የተሰረዘውን ቁጥርና የደረሰኙን ቁጥር ይግለጽ። የሚልከውም ገንዘብ የማይነካ ሰው ይሁን፤ ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ስልክም የሰብሳቢው መሆን የለበትም። ይህን ሳነብ የኔ ረቂቅ ቁጥርም፣ የደረሰኝ መለያም፣ ስልክም እንደሌለው አስተዋልኩ።

መልስ 15
በገንዘብ ሰብሳቢነት የሚሠራ ሰው ይህን አንብቦ ቆሰለ። በፀሐይ በዝናብ የሚዞር ሠራተኛ ሁሉ ሌባ ተደርጎ መታየቱ አበሳጨው። ቢሮ ተቀምጠው ወረቀት የሚገለብጡት ናቸው ቅናሽ ሳይመዘግቡ ደንበኛ የሚያሳድዱት ብሎ ወደ እኔም ወረወረ። አልተሳሳተም፣ ዝም አልኩ።

መልስ 16
አራተኛው ምሳ ወዳዱ ሰው መልስ 15ን ደግፎ ገባና ነገሩ ሞቀ። አስራ አራተኛዋ ደግማ ጻፈች፤ ሐቀኛውን ሰብሳቢ ከጥርጣሬ የሚያድነው ይኸው አሠራር ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሰብስቦ ብቻውን ሲሰርዝ ንጹሕ መሆኑን በምን ያስረዳል አለች። ከዚያ በኋላ የተጻፉ ሁለት ስድቦችን አወያዩ ስላጠፋቸው እኔም አላነሳቸውም።

መልስ 17
የሕግ ትምህርት ያለው የሚመስል ሰው ወደ ደብዳቤው መለሰን። ዋናው ነገር ከመጻፋችን በፊት 55.50ውን እየማርነው ነው ወይስ ከመዝገብ እያወረድነው ብቻ ነው የሚለውን መወሰን ነው። ሂሳብዎ ተዘግቷል፣ የሚፈለግብዎ የለም ብሎ በፊርማና በማኅተም የጻፈ ሰው ነገ ተመልሶ ልጠይቅ ቢል ደብዳቤው ራሱ መከራከሪያ ይሆንበታል፤ ምን ያህል እንደሚያስረው እንደየአገሩ ሕግ ነው። መማር ካልፈለግን ደግሞ ተዘግቷል የሚለውን ቃል አለመጠቀም ነው። ተዘግቷል ሲባል አንዱ ዕዳ የለብኝም ብሎ ይሰማዋል፣ ሌላው ከእንግዲህ በዱቤ አይሸጡልኝም ማለት ነው ብሎ ይረዳዋል። የትኛውን እንደሆነ በግልጽ ጻፉት ነው የሚለው።

ሥራ አስኪያጃችንን ጠየቅኳቸው። ያለፈውን ከነገርኳቸው በኋላ ብዙም አላሰቡ፤ 55.50ውን እንድንምር ወሰኑ። በጽሑፍም እንዲሰጡኝ ጠይቄ በስረዛ ማጽደቂያው ላይ ፈርመውበታል።

መልስ 18
አስራ ስምንተኛዋ የሲስተም ሰው ናት። እነሱ ዘንድ ሰኞ ለደንበኛው ሂሳብዎ ተዘግቷል የሚል ደብዳቤ ሄደ፣ ሐሙስ ደግሞ ሲስተሙ በራሱ ጊዜ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ላከ። ምክንያቱን ሲያዩት ስረዛውን የመዘገበው ልጅ በዋናው መዝገብ ላይ ብቻ ነው ያስገባው። በደንበኛው ካርድ ላይ ደረሰኙ እንዳልተከፈለ ተከፍቶ ነበር፤ ማስታወሻ የሚልከው ክፍል ደግሞ የሚያየው ካርዱን ነው። የዘገየበት ወለድ እንኳ መቆጠሩን አላቆመም ነበር።

ይህ መድረሱን ማወቂያው ቀላል ነው። የሁሉንም ደንበኞች ካርድ ቀሪ ደምሮ ከዋናው መዝገብ የተሰብሳቢ ሂሳብ ጋር ማስተያየት ነው። ልዩነቱ ልክ የተሰረዘው ቁጥር ከሆነ ስረዛው ካርዱ ላይ አልደረሰም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጊው አለችኝ፦ መጀመሪያ የደንበኛዋን ማስታወሻ አቁሚ፣ ቀጥሎ ክሬዲት ኖቱንና ስረዛውን በካርዱ በኩል አስገቢ፣ ከዚያ ካርዱን ከፍተሽ ዜሮ መሆኑንና የተከፈተ ደረሰኝ አለመኖሩን በዓይንሽ እዪ። ቀሪው ዜሮ ሆኖ አንድ የተከፈተ ደረሰኝና አንድ ያልተጣመረ ክሬዲት ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ያኔም ማስታወሻው ይሄዳል። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ነው።

እንዳለችው አደረግኩ። እውነትም ክሬዲት ኖቱ ከደረሰኙ ጋር ሳይጣመር ብቻውን ቆሞ ነበር።

መልስ 19 (የኔ)
አዲሱ ደብዳቤ ይኸው፦

«ክብርት ደንበኛችን፣

በስምዎ ተይዞ የነበረውን 241.90 ቀሪ ሂሳብ ዳግም መርምረናል። ከዚህ ውስጥ 186.40 በ9,320.00 ደረሰኝ ላይ በስምምነታችን መሠረት የሚገባዎት የ2 ከመቶ ቅናሽ ሆኖ አግኝተነዋል። እርስዎ በጊዜው ከፍለው ሳለ እኛ ሳንመዘግበው ቀርተን ማስታወሻ ስንልክብዎ ቆይተናል። ስህተቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። የተስተካከለበት ክሬዲት ኖት ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ቀሪው 55.50 የማጓጓዣ ሂሳብ ሲሆን በእኛ መዝገብ እንዳልተከፈለ ይታያል። ድርጅታችን ይህን ገንዘብ ትቶታል፤ ወደፊትም አይጠይቅዎትም። የእርስዎን ደግነት ላለመርሳት ይህን በመልካም ፈቃድ አድርገነዋል።

በዚህም ሂሳብዎ ዛሬ ዜሮ ሆኖ ተዘግቷል፤ የሚፈለግብዎ ምንም የለም። የእርስዎ መዝገብ ከዚህ የተለየ ከሆነ በሚከተለው ስልክ ለሂሳብ ኃላፊው ያሳውቁን።»

መልስ 20
ኦዲተሩ አንድ መስመር ብቻ አወጡብኝ፤ ስለ መልካም ፈቃድ የሚለውን። ለአንድ ዓመት ያለ አግባብ የተጨቀጨቁ ሰው ከእኛ የቸርነት ወሬ አይፈልጉም አሉኝ። በእኛ መዝገብ እንዳልተከፈለ ይታያል የሚለውን አባባል ግን ወደዱት። አልከፈሉም ከማለት ይሻላል፣ ምክንያቱም እኛ የምናውቀው መዝገባችንን ብቻ ነው። መስመሩን አውጥቼ ደብዳቤውን የሂሳብ ኃላፊው ፈርመው ላኩት።

መልስ 21
እዚህ ላይ ያልተስማማንበት ጉዳይ ተነሳ። ሴትየዋ ነገ ሥራ ጀምረው በዱቤ ዕቃ ቢጠይቁስ? መልስ 2 ዕዳ የተማረለት ሰው በእጅ በእጅ ብቻ ይሸጥለት ይላል። መልስ 7 ደግሞ 9,320ን በ9 ቀን የከፈለ ሰው በ55.50 ማጓጓዣ ሊፈረድበት አይገባም ባይ ነው። መልስ 17 ምንም ቢወሰን ካርዱ ላይ ምክንያቱ ይጻፍ አለ፣ ዝም ብሎ ተሰርዟል የሚል ምልክት ከሦስት ዓመት በኋላ ማንም አይተረጉመውምና። እኔ ወደ መልስ 7 አዘነብላለሁ፤ ሥራ አስኪያጃችን ግን እስካሁን አልወሰኑም።

መልስ 22 (የኔ)
ደብዳቤው ከሄደ በስድስተኛው ቀን ሴትየዋ ለሂሳብ ኃላፊው ደወሉ። ስለ ቅናሹ አመሰገኑ። ከዚያ 55.50ውን መተዋችን ገርሟቸው፣ ዕቃውን ላመጣው ሹፌር በእጁ እንደሰጡት ተናገሩ። ደረሰኝ አልተቀበሉም። ሹፌሩ ከእኛ ጋር መሥራት ካቆመ ቆይቷል።

ሴትየዋ ተሳስተው ሊሆን ይችላል፤ ሹፌሩም ተቀብሎ ረስቶ ሊሆን ይችላል። ማንንም ለመወንጀል አይደለም የምጽፈው። በካርዳቸው ላይም የሚለወጥ ነገር የለም፤ ያው ተዘግቷል። ግን ያልተከፈሉ የማጓጓዣ ሂሳቦችን ሁሉ ከሲስተሙ አውጥቼ በሹፌር ለየኋቸው። ክፍት ከሆኑት 11 ውስጥ 6ቱ የዚሁ ሰው ጭነቶች ናቸው። እሱ ብዙ ይጭን ስለነበር ይህ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። ከስድስቱ ሁለቱ በሚቀጥለው ወር ሊሰረዙ ዝርዝር ውስጥ ገብተው ነበር፤ ከዝርዝሩ አውጥቻቸዋለሁ። የሂሳብ ኃላፊው ለስድስቱም ደንበኞች መግለጫ ልከው በእነሱ መዝገብ ምን እንደሚታይ እንዲጠይቁልን አመልክቻለሁ።

መልስ 23
አራተኛው መላሽ ተመለሰ። ቁጡነቱ የለም። በመልስ 10 የተባለው የባንክ ክፍያ ነገር እሱም ጋ እንዳለ ጠርጥሮ ባለፈው ዓመት የሰረዛቸውን ሲያይ አንድ ዓይነት ቁጥር 9 ጊዜ ተደግሞ አግኝቷል፤ ሁሉም የአንድ ደንበኛ ነው። ወጪውን ከማይሰበሰብ ዕዳ ወደ ባንክ ክፍያ ማዛወር ይችል እንደሆነ፣ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላም ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ኦዲተሩ እስካሁን አልመለሱለትም።